ሚዛኑ ይገዛ፣ ማንቆርቆሪያው ይቆይ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ የቤት ቡና በአብዛኛው የጀበና ነው። ዱቄቱ ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚፈላ፣ ውሃ በቀጭኑ የሚያወርደው ባለቀጭን አንገት ማንቆርቆሪያ እዚህ ሥራ ፈት ነው። የሚጠቅመው በወረቀት ማጥለያ ለሚያጠል ሰው ነው፤ ውሃው ባንድ ወገን ከወረደ ከፊሉ ዱቄት በቅጡ ሳይርስ ይቀርና ቡናው ይቀጥናል።

ሚዛኑ ግን ሌላ ነው።

ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ያብጣል፣ ይቀላልም፤ ያው ማንኪያ ትናንት ከያዘው ያነሰ ግራም ይይዛል። «ዛሬ ምነው ቀጠነ?» የሚያሰኘው አንዳንዴ ይኸው ነው። ለግማሽ ሊትር ውሃ 30 ግራም ብሎ ጀምሮ፣ እንደ አፍ ልማድ 2 ግራም መጨመር ወይም መቀነስ ነው። እጇ የለመደ ቡና አፍይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህም አያስፈልጋትም። ብር ከተረፈ ከማንቆርቆሪያው በፊት ደህና ወፍጮ ይቀድማል።