ቺፕስ ሁለት ጊዜ ሲጠበስ

ሳንጃ ገበያ የሚሸጠው ድንች ከደጋው፣ ከወገራና ከዳባት በኩል ተጭኖ የሚወርድ ነው። እዚህ ሲደርስ ዋጋው ጨምሮ ስለሚቆይ፣ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ የቀረ ቺፕስ ሲጣል ያንገበግባል። ምድጃ ዳር ከቆየሁባቸው ዓመታት የያዝኩት ይህን ነው።

1. ድንቹን በጨው ውሃ እመርጣለሁ። ሻጩ «በለጠ» ይበለው «ጉደኔ»፣ በቃሉ ብቻ አልገዛም። አንድ ስኒ ጨው በ11 ስኒ ውሃ በጥብጬ ከየክምሩ አንዳንድ ድንች እጥልበታለሁ። የሚሰምጠው ዱቄታም ነው፤ ሲጠበስ ውስጡ ፍርክስክስ ይላል። የሚንሳፈፈው ውሃማ ስለሆነ ለወጥ ይሻላል። ጥሬ ድንች ፍሪጅ ውስጥ አላስቀምጥም። ቅዝቃዜ ዱቄቱን ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል፤ ጣዕሙም ይመራል።

2. ውፍረቱ አንድ ጣት ያህል፣ ማለትም 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ሁሉም እኩል ካልሆነ ቀጭኑ እያረረ ወፍራሙን መጠበቅ ይመጣል። ውሃው እስኪጠራ አጥባለሁ፣ ከዚያ በጨርቅ አደርቃለሁ። ማድረቁን የሚንቅ ሰው ዘይቱ ሲንጣጣበት ይገባዋል።

3. የመጀመሪያው ጥብስ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የዚህ ዙር ሥራ ማብሰል ብቻ ነው። ድንቹ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ መሐሉ ከ100 ዲግሪ አይዘልም፤ ስለዚህ እሳት መጨመር መሐሉን አያፈጥነውም፣ ላዩን ብቻ ያሳርረዋል። ለ1 ኪሎ ድንች 2 ሊትር ዘይት አሞቅና አራት ቦታ ከፍዬ፣ እያንዳንዱን 6 ደቂቃ ያህል እጠብሳለሁ። ብዙ ከተጨመረ ዘይቱ ይበርድና ድንቹ ዘይት ይጠጣል። ሲወጣ ቢላ ሳይታገል ይገባበታል፣ ሲነሳ ልምሾ ይላል፣ ቀለሙ ግን ገና ነጭ ነው። እዚህ ላይ ቢጫ ከሆነ ዘይቱ ሞቆ ነበር ማለት ነው።

4. ዕረፍቱን አልዘልም። ወንፊት ላይ ዘርግቼ፣ ሳልከምር፣ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ከተከመረ በራሱ እንፋሎት ይርሳል። ሲበርድ ከውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ላዩ ይወጣል፣ የበሰለው ዱቄትም ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይጠነክራል። ሁለተኛው ጥብስ የሚያደርቀው ይህን ሽፋን ነው። ቤልጅጎች ቺፕሳቸውን በሁለት ዙር የሚጠብሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

5. ሁለተኛው ጥብስ 185 ዲግሪ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ። በዚህ ዙር መሐሉ በስሎ ስላለቀ የቀረው ላዩን ማድረቅና ወርቃማ ማድረግ ነው። ጆሮ ይረዳል፦ የዘይቱ ጩኸት ሲበርድና አረፋው ሲሳሳ ከላዩ ውሃው አልቋል። ጨው የምነሰንሰው እንደወጣ ነው፤ ዘይት ውስጥ ከገባ ዘይቱን ቶሎ ያበላሸዋል።

ዘይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ዘንድ ሰሊጥ ሞልቷል፣ ያልተጣራው የሰሊጥ ዘይት ግን 175 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጨስ ይጀምራል። ለመጀመሪያው ዙር ይበቃል፣ ለሁለተኛው አይሆንም። ለሁለቱም የተጣራ ዘይት እይዛለሁ፤ የሚረጋው ዘይት ደጋ ላይ ጠዋት ጠዋት ቢያስቸግርም ሳንጃ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይውላል።

6. ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አንድ ፍሬ ድንች ይጣል። ድንቹ መጀመሪያ ሰምጦ፣ ዙሪያውን ትንንሽ አረፋ እያወጣ ቀስ ብሎ ከተነሳ ለመጀመሪያው ዙር ደርሷል። ለሁለተኛው የዳቦ ቁራሽ ይሻላል፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወርቃማ ከሆነ ሙቀቱ በቂ ነው። ከሰል ላይ እሳት መቀነስ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ከሰሉን አመድ አልብሼ በ140 እጀምራለሁ፤ ሁለተኛውን ዙር ስፈልግ አመዱን አራግፌ አነዳለሁ። ከላይ ወደታች መምጣት ግን አይመከርም፤ ከነደደ ዘይት ጋር ቆሞ መጠበቅ ነው።

7. ለሻጭ የዚህ ዘዴ ጥቅም ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ዙር አስቀድሞ ካለቀ፣ ደንበኛ ሲመጣ የሚጠብቀው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። በእኛ ሙቀት ግን በግማሽ የበሰለ ድንች ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ አላቆይም። ለማቆየት ከሆነ እንደበረደ ፍሪጅ ይገባል፤ ጥሬው ላይ የከለከልኩት ቅዝቃዜ የበሰለውን አይጎዳውም።