ጎድጎድ ላለ ዓይን፦ ከወረታው ኩል እስከ ሲልቨር ስፕሪንጉ ማስካራ

ወረታ ላይ ሙሽራ ስትዘጋጅ ከሁሉም በፊት የሚፈለገው ኩል ነው። መኳያው ብልቃጡ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ሙሽራዋ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መኳያው በሁለቱ ቆቦች መሀል ቀስ ብሎ ይሳባል። ስትከፍተው የላይኛውም የታችኛውም ውስጠኛ ጠርዝ ጠቁሯል፣ የዓይኗም ነጭ ከወትሮው በልጦ ነጥቷል። ትልቅና ወደ ፊት ወጣ ያለ ዓይን ላይ ከዚህ የሚያምር ነገር አላውቅም። እኔ አሁን በምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ግን የኛን ልጆች ለሠርግ ሳሳምር አብዛኛው ሥራዬ ሽፋሽፍት ላይ ነው። ሽፋሽፍቱ በከርለር ወደ ላይ ይነሣል፣ ማስካራ ይቀባል፣ ጠርዙ እንዳለ ይተዋል።

ሁለቱ አሠራሮች ዓይን ላይ የሚያደርጉት ተቃራኒ ነገር ነው። ጥቁር ኩል በጠርዙ ዙሪያ ሲሰመር ለዓይን ድንበር ያበጅለታል። ከድንበሩ ውጭ ያለው ሁሉ ከዓይኑ ይቀነሳል ማለት ነው። ትልቅ ዓይን ያችን ያህል ቢቀነስበት አይጎዳም፤ ትንሽ ዓይን ግን ያለችውን ታጣለች። ጎድጎድ ያለ ዓይን ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የቅንድብ አጥንቱ እንደ ሣር ቤት ክፈፍ ወደ ፊት ስለሚወጣ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያጠላበታል። ፎገራ ሜዳ ላይ ጥር ውስጥ እኩለ ቀን ላይ የተነሣ የሠርግ ፎቶ ብታዩ ይገባችኋል፤ ፀሐዩ ከላይ ይወርዳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ዓይን በራሱ ጥላ ይዋጣል። እዚያ ጥላ ላይ ጥቁር ኩል ሲጨመርበት ከሩቅ የሚታየው ሁለት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ዓይን እንዲከፈት የሚያደርገው ሽፋሽፍቱን ከጥላው አውጥቶ ብርሃን እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ሽፋሽፍት በተፈጥሮው ወደ ፊትና ወደ ታች ሲያዘነብል የቆቡን ጠርዝ ይሸፍናል። ከሥሩ ሲነሣ ግን የቆቡ ጠርዝና ከሥሩ ያለው ነጭ ይገለጣል። ተመልካቹም ዓይኑ የሚያልቀው ሽፋሽፍቱ የሚያልቅበት ላይ ይመስለዋል።

ይህን የአክስቴ ልጅ ወረታ ስትዳር በደንብ አሳየሁ። ዓይኗ ትንሽና የገባ ነው፤ ስትከፍተው የላይኛው ቆብ ከአጥንቱ ሥር ገብቶ አይታይም። አክስቴ ኩሉን አስቀድማ አቅርባለች። «አንቺ ልጅ፣ ያልተኳለች ሙሽራ የት አገር አየሽ?» አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ግራ ዓይኗን እንደ ወጉ ኩል ኳልኩት፣ ቀኙን ከርለርና ማስካራ ብቻ። ከዚያ ሙሽራዋን በሩ ላይ አቁሜ አክስቴን ከጓሮ አጥሩ አጠገብ ሆና እንድታይ አደረግኋት። ከቅርብ ሲታይ ኩሉ ያማረ ነበር። ከአጥሩ ርቀት ግን ኩል የተኳለው ዓይን ጠቦ ሲታይ ቀኙ ክፍት ብሎ ነበር። አክስቴ አየችና «እታለም፣ ያንኛውን አጥቢው» አለቻት ሙሽራዋን።

ቀኙ ዓይን ላይ ምን እንዳደረግኩ ልዘርዝር። የመጀመሪያው ነገር ሽፋሽፍቷን ማየት ነበር። የአበሻ ሽፋሽፍት ብዙ ጊዜ ራሱ ጥምዝ ነው፤ ረጅም ሆኖ ሳለ ወደ ራሱ ስለሚጠቀለል አጭር ይመስላል። ከርለር የተሠራው ቀጥ ላለ ሽፋሽፍት ነው። ቀጥ ያለውን ከሥሩ፣ ከመሀሉና ከጫፉ ሦስት ጊዜ እያለዘቡ ይጫኑታል፣ ቅስት እንዲይዝ። ጥምዝ ሽፋሽፍት ላይ ይህንኑ ቢያደርጉ ጫፉ ይበልጥ ይጠቀለልና ወደ ቆቡ ይመለሳል። ስለዚህ የሷን ከሥሩ ብቻ ጫንኩ፣ አምስት ሰከንድ ያህል፤ ቀሪውን በንጹሕ ደረቅ ብሩሽ ወደ ላይ አበጠርኩት። ጥምዝ ሽፋሽፍት የሚያስፈልገው መነሣትና መዘርጋት ነው፣ መጠምዘዙንማ ከናቷ ይዛው ተወልዳለች።

ከርለሩ ምንጊዜም ከማስካራ በፊት ነው፣ ታጥቦ በደረቀ ሽፋሽፍት ላይ። ማስካራ ከደረቀ በኋላ ከተጫነ ፀጉሩ ላስቲኩ ላይ ይጣበቅና ሲከፈት ይሰበራል ወይም ይነቀላል። የገባ ዓይን ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ የተለመደው ሰፊ ከርለር የላይኛው ብረቱ ሽፋሽፍቱ ሥር ሳይደርስ አጥንቱ ላይ ይቆማል፣ ወደ ውስጥ ሲገፉት የዳሩን ቆዳ ይቆነጥጣል። ለዚህ ግማሽ ስፋት ያለው ትንሹ ከርለር ይሻላል፤ መሀሉን አንድ ጊዜ፣ ሁለቱን ዳር ለየብቻ። ሙሽራዋ አገጯን ቀና አድርጋ ወደ ታች ታያለች፣ ያኔ ቆቡ ከአጥንቱ ሥር ይወጣል። ጨብጣችሁ ሙሉ በሙሉ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ አፍታ ቁሙና «ይቆነጥጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ኃይለኛ ጭበጣ የተሠራ ሽፋሽፍት ከቅስት ይልቅ ማዕዘን ሠርቶ ይታጠፋል፣ ከጎን ሲታይ ወዲያው ይለያል። ላስቲኩ መሀሉ ላይ ከተሰነጠቀ ወይም የብረቱ ምልክት ጠልቆ ከያዘ መቀየር አለበት፤ ብረት ከብረት ሲገናኝ ሽፋሽፍት ይቆረጣል።

ማስካራውን ስናወጣ ብሩሹ ላይ የተከመረው ትርፍ ጠርሙሱ አፍ ላይ ይጠረጋል። ብሩሹ ሽፋሽፍቱ ሥር ገብቶ ግራና ቀኝ በጥቂቱ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ክብደቱ ሥሩ ላይ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ብቻ። ጫፉ ከከበደ የተነሣው ሽፋሽፍት ተመልሶ ይወድቃል። ሁለት ቀጭን ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ትንሽ ዓይን ከላይ ወደ ታች እንዲሰፋ መሀለኛው ሽፋሽፍት፣ ልክ ከብሌኑ በላይ ያለው፣ ይበልጥ ይቀባል። ሁለቱ ዓይኖች የተቀራረቡ ከሆኑ ግን ክብደቱ ወደ ውጭኛው ዳር ይሄዳል። የሙሽራችን የተቀራረቡ ስላልሆኑ መሀሉን ያዝኩ። ከታች ምንም አልቀባሁም፤ የገባ ዓይን ሥር ጥላው በራሱ በቂ ነው። በታችኛው ጠርዝ ላይ በኩሉ ፋንታ የቆዳዋን ቀለም የሚቀርብ ክሬማ እርሳስ ሰመርኩ፣ ነጩ የቀጠለ እንዲመስል። ዝም ብሎ ነጭ እርሳስ በጠይም ቆዳ ላይ ይጮኻልና አልመክረውም።

ወደ ፎገራ ስንሄድ እዚህ ካለው የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው። የገባ ዓይን ሽፋሽፍት ሲነሣ ጫፉ ቆቡን ወይም አጥንቱን ይነካል፣ ማስካራውን እዚያ ያትማል። አሜሪካ በቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ይህ ብዙ አይታወቅም። ወረታ ግን ቀኑ ይሞቃል፣ የድንኳኑ ውስጥ ይብሳል፣ የወጥ ቤቱ ጭስ ያስለቅሳል። ከሁሉም በላይ ቅቤ አለ። አናት ላይ የተቀባ ቅቤ በሙቀት ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል። ሰው ሁሉ የሚመርጠው ውኃ የማያስለቅቀው ማስካራ በሰም የተሠራ ነው፤ እንባን ይችላል፣ ቅባት ግን ያሟሟዋል። እዚህ ስናጠፋው የምንጠቀመውም ዘይት ነው። ስለዚህ ቅቤ ለምትቀባ ሙሽራ የሚሻለው እያንዳንዱን ፀጉር እንደ ቀጭን ሽፋን የሚያለብሰው ዓይነት ማስካራ ነው። ቅባት አያሟሟውም፤ ማታ ለብ ባለ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይዘውበት ጥቂት ሲጠብቁ በቁርጥራጭ ተላቆ ይወጣል። ጥቁር ቁርጥራጩን አይታችሁ ሽፋሽፍቴ ረገፈ እንዳትሉ። አንድ ድክመት አለበት፤ ቀጥ ያለ ሽፋሽፍትን ቅስት እንደ ሰሙ አጥብቆ አይይዝም። ለጥምዝ ሽፋሽፍት ግን ይህ ችግር አይሆንም።

አሁን አጥብቄ ወደምናገረው ልምጣ። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ የበረታበት አገር ነው፤ ካርተር ሴንተር ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘ ትራኮማ በቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ሲሰበሰብ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፣ ፀጉሩም ብሌኑን ይፈገፍጋል። እናቶቻችን ወረንጦ ይዘው ሽፋሽፍት የሚነቅሉት ለዚህ ነው። ልጆችን የሚያቅፉ፣ ፊታቸውን የሚጠርጉ እነሱ ስለሆኑም በሽታው ሴቶችን ይበልጥ ይጎዳል። የአንዲት ሙሽራ ዓይን የጠበበው እያቆረቆራት፣ እያለቀሰችና ብርሃን እየሸሸች ከሆነ ከርለር አያነሣውም። ተነቅሎ እንደገና የበቀለ አጭር ሽፋሽፍት፣ ወደ ነጩ ያቀና አንድ ፀጉር እንኳ ካያችሁ ከርለሩን አስቀምጡና ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት። መፍትሔው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው።

ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል። በአንድ ሠርግ ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቿንና እህቶቿን በአንድ የማስካራ ብሩሽ ማዳረስ፣ ወይም የሁሉንም ዓይን በአንድ ነጠላ ጫፍ መጥረግ የማልስማማው ለዚህ ነው። መኳያውም እንደዚያው፤ ከአንዷ ዓይን ወጥቶ ሌላዋ ዓይን ይገባል። በተጨማሪ በብዙ አገር በተመረመረ ኩል ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ተገኝቷል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኩልን ለመኳያ ቀለምነት አልፈቀደም። አክስቴን ስለዚህ ስነግራት ሕፃናቱን መኳል እንደምትተው ነገረችኝ፣ ለራሷ ግን አልተወችም፤ እኔም አልጫንኳትም።

ወደ አገር ቤት ለእህቶቻችሁ ማስካራ የምትልኩ ያልተከፈተ ላኩ። ከተከፈተ በኋላ ሦስት ወር ነው ዕድሜው፤ ሲደርቅ ውኃ ወይም ምራቅ ጨምሮ ማለስለስ ጀርም ማራባት ነው። ሽታው ከተለወጠ ቀኑ ሳይደርስም ይጣላል። ለጸጉር ቤት የምትልኩ ከሆነ ከማስካራው ጋር ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ብሩሽ በፓኬት ጨምሩበት፤ አንዱ ብሩሽ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዳይገባም ንገሯቸው። ከርለሩን ትንሹን ምረጡ፣ መለዋወጫ ላስቲኩም አይረሳ፤ ወረታ ላይ ላስቲኩን ብቻ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።