የእህቴ አራት ሳጥኖች

ጤና የምታጠናው ታናሽ እህቴ ለፈተና ስትዘጋጅ እኔም ሞጣ ነበርኩ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ቆላ ውስጥ ትኩሳት ያላቸው 1,000 ሰዎች በወባ ፈጣን ምርመራ ታዩ። በማይክሮስኮፕ ሲረጋገጥ ወባ ያለባቸው 100 ናቸው፤ ምርመራው 90ውን አገኘ። ወባ ከሌለባቸው 900 ሰዎች ደግሞ 45ቱን በስህተት «አለባችሁ» አለ።

ጋዜጠኛ አይደለሁ? ቸኮልኩ። «ፖዘቲቭ ከተባለው 90 በመቶው ታሟል ማለት ነዋ!»

ሳቀችብኝ። «እትዬ፣ ለስንት አካፈልሽው?»

አራት ሳጥን ሠራች። ወደ ታች ሲነበብ፣ 90 ለ100 ሲካፈል ምርመራው በሽተኛውን የማግኘት አቅሙ 90 በመቶ ነው። 855 ለ900 ሲካፈል ደግሞ ጤነኛውን ነፃ የማለት አቅሙ 95 በመቶ ይሆናል። ታካሚዋ የምትጠይቀው ግን ወደ ጎን ይነበባል፦ ፖዘቲቭ የተባሉት 135፣ በእርግጥ የታመሙት 90። 67 በመቶ ገደማ! ኔጌቲቭ ከተባሉት 865 ግን 855ቱ ነፃ ናቸው፤ 99 በመቶ ገደማ።

«አሁን ወደ ደጋው፣ ወደ ቢቸና እንውሰደው» አለች። ከ2,000 ሰው ወባ ያለበት 20 ብቻ ቢሆን፣ ያው ምርመራ 18ቱን ያገኛል፤ 99 ሰው ደግሞ በስህተት ይጨምራል። ከ117 ፖዘቲቭ 18፦ 15 በመቶ!

ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጡት ሰዎቹ ናቸው። ተስቦ ወይም ግርሻ የያዛት የቢቸና ሴት የወባ ክኒን ይዛ ቤቷ ልትገባ ትችላለች። ለዚህ ነው «ሰሞኑን ቆላ ወርደሽ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከምርመራው የሚቀድመው። ከወረደች የምትቆጠረው በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ነው።

እኔ ግን «90 በመቶ አስተማማኝ» የሚል ርዕስ ስንቴ ጽፌ ይሆን?