ወዘተ ብዬ ያለፍኩት

በጸሐፊነት ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ect እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንድም አለቃ «ተሳስተሻል» ብሎኝ አያውቅም፤ እነሱም እንደኔው ይጽፉ ስለነበር ይሆናል። ስሕተቴን የነገረችኝ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ናት። እሷም ብትሆን የነገረችኝ ልታርመኝ ሳይሆን ልትወቅሰኝ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ማታ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ ከፊቴ ቆመች። ስለ ሰፈራችን ጉሊት በጻፈችው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ብላ ዘርዝራ ect ጨምራበታለች። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ከበቧት፣ ከጎኑ etc. ብለው ጽፈውላታል። ግማሽ ማርክም ሄዷል።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ'ኮ እንዲህ ነው የሚጻፈው ያልሽኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ልከራከር ቃጣኝ። እኔ የማውቀው «ኤክሴትራ» ተብሎ ሲነገር ነው፤ ቢሮ ውስጥም ሁሉም «ኤክሴትራ» ነው የሚለው። «ኤክ» ከተባለ ደግሞ ከኢ ቀጥላ የምትመጣው ሲ ናት፣ ቲ ከዚያ በኋላ ትከተላለች ብዬ ነበር የማምነው። እጅም ቢሆን ወደዚያው ያደላል፤ በእንግሊዝኛ በሲ እና በቲ የሚያልቁ ቃላት ሞልተዋል፣ ተገልብጦ በቲ እና በሲ የሚያልቅ ግን ከዚህ ሌላ ተይቤ አላውቅም።

ያን ማታ አባቴ እኛ ቤት ነበሩ። አባቴ እንግሊዝኛ ብዙም አይሉ፣ በልጅነታቸው ግን ቅኔ ቤት ቆይተዋል። ልጄ መዝገበ ቃላቱን አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችልን። ነገሩ የላቲን ነው፤ አንድ ቃል ሳይሆን ሁለት ቃል ነው። ኤት ማለት «እና» ማለት ነው፤ ሴቴራ ማለት ደግሞ «የቀሩት ነገሮች»።

አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እስቲ ድገሚው» አሏት። ደገመችው።

«ይኼማ የእኛው ወዘተርፈ ነው!» አሉ።

ወዘተ እያልኩ ስጽፍ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ቃሉ የግዕዝ መሆኑንም አውቃለሁ። ከፍቼ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አባቴ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየለያዩ አሳዩን። ወ «እና» ነው። ዘ «የ» ነው። ተርፈ «ቀረ፣ ተረፈ» ነው። ሲገጣጠም «እና የቀረው» ይሆናል። ሮማዊው ኤት ሴቴራ ሲል፣ የግዕዙ ጸሐፊ ወዘተርፈ ሲል፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ተመሳሳይ ነገር ነው ያሉት። እኛ ጫፉን ቆርጠን ወዘተ አልነው፤ እነሱም ቆርጠው etc. አሉት።

«አሁን አንቺ ወተዘ ብለሽ ትጽፊያለሽ?» ብለው ልጄን ጠየቋት። ሳቀች። «አየሽ፣ ወ ‹እና› ስለሆነ ነው ፊት የሚቆመው። የእነሱም ‹እና› ፊት ነው መቆም ያለበት።»

ከዚያ ወዲህ ect ብዬ ልጽፍ ብሞክርም እጄ እሺ አይለኝም። ኢ እና ቲ አብረው አንድ ሙሉ ቃል ናቸው፣ «እና» ናቸው፤ ሲ ደግሞ የሴቴራ መጀመሪያ ናት። ect የሚል ሰው የ«እና»ን ሁለት ፊደል ለያይቶ መሀሉ ላይ የሌላውን ቃል ፊደል መሸጎጡ ነው።

ለዚህ ማስረጃው በየሱቁ ማስታወቂያ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የ«እና» ምልክት የሆነችው & የተፈጠረችው ኢ እና ቲን አንድ ላይ አያይዞ ከመጻፍ ነው፤ ኤት የሚለው ቃል በአንድ ምት ሲጻፍ ማለት ነው። በድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ወዘተ የሚባለው &c. ተብሎ ይታተም ነበር። ያቺ ጠማማ ምልክት ሁለቱን ፊደሎች ስለያዘች ሲ ከእሷ በኋላ እንጂ መሀሏ ልትገባ አትችልም። ልጄ ይህን ካየች በኋላ ደብተሯን ሙሉ በ& ሞላችው፤ መምህሯ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ነጥቡም የራሱ ምክንያት አለው። በየቢሮው e.t.c. ተብሎ ፊደል በፊደል ነጥብ ተደርጎበት አያለሁ፤ እኔም ሳደርገው ነበር። ይመስለኛል የእኛን ወ.ዘ.ተ. እያየን ነው። ነጥቧ የምትቆመው ግን ቃል የተቆረጠበት ቦታ ላይ ነው። ኤት አልተቆረጠም፣ ሙሉ ቃል ነው፤ ስለዚህ ነጥብ አይፈልግም። የተቆረጠው ሴቴራ ነው፤ ስለዚህ ነጥቧ አንዲት ናት፣ መጨረሻ ላይ።

አባቴ አንድ ነገር ሳይናገሩ አላለፉም። ዜና ላይ «እና ወዘተ» ሲባል ጆሯቸውን ይቆረቁራቸዋል፤ ወ ራሱ «እና» ስለሆነ «እና እና የቀረው» ማለት ነው ይላሉ። በእንግሊዝኛም ከetc. በፊት «ኤንድ» የሚጨምር ሰው ያንኑ ነው የሚሠራው።

ጨዋታው እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ልጄ ግን ወሬው ጣፈጣትና «እማዬ፣ e.g. እና i.e.ስ?» አለች።

«ሁለቱም ያው ‹ማለት› ናቸው» አልኳት። ፈልጋ አነበበች። አይደሉም።

i.e. ኢድ ኤስት ነው፤ ኢድ «ያ»፣ ኤስት «ነው»። «ያም ማለት፣ ማለትም» ብለን እንጨርሰው። e.g. ደግሞ ኤክሴምፕሊ ግራሲያ ነው፤ «ስለ ምሳሌ፣ ለምሳሌ ያህል» ማለት ነው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ቃል ስለሆኑና ሁሉም ስለተቆረጡ ሁለት ሁለት ነጥብ አላቸው። በአማርኛ «ለምሳሌ» እና «ማለትም»ን አደባልቆ የሚናገር ሰው የለም። «ፍራፍሬ ግዢ፣ ለምሳሌ ሙዝ» ብላት ልጄ ብርቱካን ይዛ ብትመጣም አልቆጣም። «ፍራፍሬ ግዢ፣ ማለትም ሙዝ» ካልኳት ግን ከሙዝ ሌላ ይዛ መምጣት አትችልም። የመጀመሪያው ከብዙው አንዱን ይጠቅሳል፤ ሁለተኛው ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ይናገራል፣ ከተጠቀሰው ውጭም ሌላ አይቀበልም።

ልጄ ቀጥላ እያነበበች ነበር፤ እኔ ግን መስማት አቁሜያለሁ። የእህቴ ልጅ ቅጽ ነው ትዝ ያለኝ።

ዓምና የእህቴ ልጅ ውጭ አገር ለሚሰጥ የነፃ ትምህርት ዕድል ሊያመለክት ቅጹን ይዞልኝ መጣ። በቤተሰባችን የእንግሊዝኛ ወረቀት የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ከሚያያዙት ሰነዶች መካከል አንዱ «ፎቶ ያለበት የታደሰ መታወቂያ፣ e.g. ፓስፖርት» ይላል። ልጁ የብሔራዊ መታወቂያ አለው፤ ፓስፖርት የለውም። «አክስቴ፣ መታወቂያዬ አይበቃም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ «ማለት ፓስፖርት፣ ይላል እኮ» አልኩት። እህቴ ለፓስፖርቱ ገንዘብ ተበደረች። ፓስፖርቱ እጁ ሲገባ ማመልከቻው ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር።

ያን ጊዜ ሁላችንም ዕድሉን ነው የረገምነው። ወረቀቱን ደግሞ ያየው ሰው የለም።

ያን ሌሊት ስልኬን ከፍቼ የድሮውን መልእክት ፈልጌ ቅጹን አወጣሁት። e.g. ነው የሚለው። ለምሳሌ ፓስፖርት። ያ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ነበር። በዕድሉ ይመረጥ ነበር ለማለት አልችልም፤ ሌሎች አመልካቾች ብዙ ናቸው። ማመልከቻው እንዳይገባ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ለሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ካለፈ በኋላ መናገሩ ለማን ይጠቅማል ብዬ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ እሑድ እህቴ ቤት ሄድኩና ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነገርኳቸው። እህቴ ምንም አላለችም፤ ስኒዎቹን እያለቀለቀች ቆየች። ልጁ ስልኬን ተቀብሎ መስመሩን አየው።

«እኔም ምሳሌ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንቺ ስላልሽ ነው የተውኩት።»

ምን ብዬ እመልስለታለሁ? ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ብዙ አልተነጋገርንም። ከዚያ የራሱን ስልክ አወጣና የዘንድሮው ቅጽ መውጣቱን ነገረን፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው ነበር ለካ። ዘንድሮ ፓስፖርቱ እንኳ አለ። እስከ ታች ወርዶ አንድ መስመር ላይ ቆመና ወደ እኔ አዞረው። «ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ i.e. አንድ ከመምህር፣ አንድ ከአሠሪ» ይላል።

«እኔ ያሰብኩት ሁለቱንም ከዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ለማጻፍ ነበር» አለ። «ይኼስ ለምሳሌ ነው?»

መነጽሬን አድርጌ ሁለቴ አየሁት፤ በመሀል ያለችውን ፊደል ብቻ አይደለም፣ መጀመሪያዋንም።

«አይደለም፣ ማለትም ነው» አልኩት። «ነገ ጠዋት አለቃህን ጠይቅ።»