የቡናው ፎቶና የእትዬ ፊርማ

በስልክ ያነሳነው ፎቶ ይሸጣል ወይ ለምትሉኝ፦ ይሸጣል። ግን ስላማረ አይደለም። አዶቤ ስቶክ ወይም ሸተርስቶክ ላይ የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያ ወይም የመጽሔት ገጽ ይዞ ነው የሚመጣው። የጀምበር መጥለቂያማ እዚያ ሞልቷል። ጎረቤቴ እትዬ በመስኮት ብርሃን ቡና ሲቀዱ፣ ከጎናቸው ጽሑፍ የሚያርፍበት ባዶ ግድግዳ ያለው ፎቶ ግን ገዢ አለው።

አነስተኛው መጠን 4 ሜጋፒክስል ስለሆነ የዛሬ ስልክ አያንሰውም። ፎቶ የሚያስመልሰው ሌላ ነው፤ ዙም እህል እህል ያደርገዋል፣ ጀርባ የሚያደበዝዘው ፖርትሬት ደግሞ የጀበናውን ጆሮ ግማሹን ይበላዋል። በቴሌግራም ካስተላለፋችሁም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ይጨመቃል።

ዋናው ጉዳይ ፊርማው ነው። ፊታቸው የሚታይ ሰው የሞዴል ፈቃድ ካልፈረሙ ፎቶው ለማስታወቂያ አይሸጥም፤ እናታችሁም ቢሆኑ። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል። ቅጹ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ መስመር በመስመር በአማርኛ ሳላነብ አላስፈርምም። እትዬ «ታዲያ ፊቴ ሳሙና ላይ ሊወጣ ነው?» አሉኝ። «ሊወጣ ይችላል እትዬ፣ ገዢውን እኛ አንመርጥም» አልኳቸው። ስቀው ፈረሙ። እምቢ የሚል ሰው ካለ መብቱ ነው። እጅ ብቻ ማንሳትም ሁልጊዜ አያድንም፤ በቀለበት ወይም በንቅሳት ባለቤቱ ከታወቀ ፈቃድ ይጠየቃል። የስኳር ከረጢት ላይ ያለ የድርጅት ምልክትም ያስመልሳል፣ ከጠረጴዛው አንሱት።

ደመራ ላይስ ማንን ታስፈርማላችሁ? እንዲህ ያለው ሸተርስቶክ ላይ «ኤዲቶሪያል» ተብሎ ይገባል፤ ለዜናና ለመጽሐፍ እንጂ ለማስታወቂያ አይውልም። መግለጫው በቦታና በቀን ይጀምራል፦ Addis Ababa, Ethiopia - September 26, 2024: ከዚያ የሆነው ነገር ይከተላል። ከፎቶው ላይ ምንም አይሰረዝም፣ ምንም አይጨመርም።

ቁልፍ ቃላት ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል። አዶቤ እስከ 49 ይቀበላል፤ ክብደቱ ግን የመጀመሪያዎቹ 10 ላይ ነው። ስለዚህ ገዢው የሚጽፈውን አስቀድሙ፦ coffee ceremony, ethiopian, jebena, pouring, woman, home, copy space። ፎቶው ውስጥ የሌለ safari መጨመር ፈላጊን ማናደድ ብቻ ነው።

ሮያልቲ ፍሪ ሲባል ደግሞ ነጻ ማለት እንዳይመስላችሁ። ገዢው አንድ ጊዜ ከፍሎ ደጋግሞ ይጠቀማል፤ የቅጂ መብቱ ግን የእናንተ ነው፣ ብቸኛ ውል ካልገባችሁ ሌላም ቦታ ትሸጡታላችሁ። ለሽያጭ በሚቀርብ ኩባያ ላይ ማተም የፈለገ የተራዘመውን ፈቃድ በተጨማሪ ዋጋ ይገዛል። አዶቤ ለፎቶ የሚከፍላችሁ ከሽያጩ 33 በመቶ ነው፤ በደንበኝነት ምዝገባ ከተወሰደ ብዙ ጊዜ አንድ ዶላር አይሞላም። በአንድ ፎቶ የሚገኝ ገንዘብ የለም።

ደግነቱ አንድ ፈቃድ በዚያ ቀን ለተነሱት የእትዬ ፎቶዎች ሁሉ ይያያዛል። ስለዚህ አቦሉን አንስታችሁ ስልኩን ኪስ አትክተቱ፤ ቶናውም በረካውም ይቀራል።