«አት» የወደቀችበት መድኃኒት

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን፣ ትርጉም እንዲሠሩ የማዛቸው ተማሪዎች ቀድመው የሚሹት መዝገበ ቃላት ነበር። እኔ ደግሞ «የያዛችሁት ቅጂ ደህና ነው ወይ?» እላቸዋለሁ። ጥያቄዋ የኔ አይደለችም፤ የሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ናት።

ሁነይን በ9ኛው መቶ ዓመት በዐባሲዶች ባግዳድ የኖረ ክርስቲያን ሐኪም ነው። ስለዚያች ከተማ ሲነሳ ሁላችንም «የጥበብ ቤት» የሚባለውን የኸሊፋዎች ቤተ መጻሕፍት እናስታውሳለን። ቤቱ ነበረ፤ ትርጉሙ ሁሉ እዚያ ተሠራ የሚለውን ግን የዛሬ አጥኚዎች ይጠራጠሩታል። ገንዘቡም ቢሆን ከኸሊፋ ብቻ ሳይሆን ከሹማምንት፣ ከሀብታሞችና ከሐኪሞችም ኪስ ይወጣ ነበር።

ሁነይን የግሪኩን ሐኪም የጋሌንን መጻሕፍት ይተረጉማል። ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ፣ ስለ ሕክምና ወገኖች የተጻፈውን የጋሌን መጽሐፍ ለአንድ ሐኪም ወደ ሱርስት መለሰ። በእጁ የነበረው የግሪክኛ ቅጂ ግን ስህተት የሞላበት ነበር። እንግዲህ ቁም ጸሐፊ ይደክመዋል፣ መስመር ይዘላል። በኛ ቋንቋ ብናስበው፣ «ለታማሚው አትስጡት» ከሚለው «አት» ብትወድቅ ምን ይቀራል? «ስጡት»! መዝገበ ቃላት ይህን አያድንም። ተርጓሚው ጎበዝ በሆነ ቁጥር ስህተቱ እያማረ ይሄዳል እንጂ።

አርባ ዓመት ሲጠጋው፣ ተማሪው ሁበይሽ ያንን ትርጉም እንዲያርመው ጠየቀው። በዚያን ጊዜ ሁነይን የዚያው መጽሐፍ ብዙ የግሪክኛ ቅጂዎች አከማችቶ ነበር። ታዲያ ወደ ትርጉሙ አልሮጠም። መጀመሪያ ቅጂዎቹን እርስ በርስ አስተያይቶ አንድ የተስተካከለ ግሪክኛ አወጣ፤ ከዚያ የድሮውን ሱርስት ከሱ ጋር እያመሳከረ አረመ። ለሚተረጉመው ሁሉ ልማዱ ይኸው መሆኑን ራሱ ጽፏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም መጽሐፉን ወደ ዐረብኛ መለሰው።

መንገዱ ግን ዳርቻ ነበረው፤ የሚስተያይ ቅጂ ከሌለ ምን ይደረጋል? ጋሌን ስለ ማስረጃ አቀራረብ የጻፈውን 15 ክፍል ያለው ሥራ ፍለጋ ሁነይን ሜሶጶጣሚያን፣ ሶርያን፣ ፍልስጤምን አቋርጦ እስከ እስክንድርያ ወረደ። ያገኘው ደማስቆ ላይ፣ ያውም ግማሹን ያህል፣ የተቆራረጠ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በ856 እ.ኤ.አ. ገደማ ከጻፈው ደብዳቤ ነው። 129 የጋሌን ሥራዎችን ይዘረዝራል፤ ማን ተረጎመው፣ ለማን፣ ቅጂውስ ምን ይመስል ነበር፣ የቱስ ጠፋ? የራሱን የወጣትነት ሥራ እንኳ አልማረም። እኔ ደብዳቤውን የምወደው ለዚህ ነው፤ አንባቢው የትኛውን ትርጉም ማመን እንደሚችል ፊት ለፊት ይነግረዋላ።