«ተርጉምልኝ» ከማለት በፊት፦ የውጫሌ ሦስት ጥያቄዎች

«እባክህ ይህን አንቀጽ ቶሎ ተርጉምልኝ» የሚል መልእክት ለአስተርጓሚ ይደርሰዋል። አንቀጹ ግን አብሮ አልተላከም። ልምድ ያለው አስተርጓሚ ጽሑፉን እስኪያገኝ ዝም ብሎ አይጠብቅም። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ከየትኛው ቋንቋ? ወደ የትኛው? ለምን ጉዳይ? አንዳንድ ደንበኛ ይህን እንደ ማንዛዛት ያየዋል። የጥያቄዎቹን ክብደት ለማየት ግን አምባሰል ውስጥ ያለችውን ውጫሌን ማስታወስ ይበቃል።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል 20 አንቀጾች ነበሩት። በአስተርጓሚነት ስማቸው የሚነሣው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ናቸው። በአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል»። ኢጣልያንኛው ግን የተጠቀመው «ኮንሴንቴ» በሚል ግስ ነው፤ ተስማምተዋል እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ «ግዴታ አለባቸው» የሚል ቃል በግልጽ አልተጻፈም። ሆኖም አንዱ ፈቃድ ሲሰጥ ሌላው ቃል የተገባ ያስመስላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ። የውሉ 19ኛ አንቀጽ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል የታመኑ ናቸው ይላል። ስለዚህ በሕግ ፊት ምንጭ የሚባል ቋንቋም፣ ትርጉም የሚባል ቋንቋም የለም። እንዲህ ሲሆን አስተርጓሚው አንድ ጊዜ ተርጉሞ አይለቅም። አማርኛውን ወደ ኢጣልያንኛ መልሶ ይተረጉምና ከኢጣልያንኛው ጋር ያስተያያል። ማሰሪያ ግሦቹን ብቻ ነቅሶ ቢያስተያይ እንኳ የ17ኛው አንቀጽ ልዩነት ከፊርማው በፊት ይታይ ነበር።

ከባዱ ግን ሦስተኛው ነው፤ ጽሑፉ ለምን ይፈለጋል? በፈረንጆች ጥቅምት 1889፣ የኢጣልያ መንግሥት 17ኛውን አንቀጽ የበርሊኑን ስምምነት 34ኛ አንቀጽ ጠቅሶ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀ። ያ አንቀጽ በአፍሪካ ጠረፍ ላይ ሞግዚትነት የያዘ መንግሥት ለሌሎቹ እንዲያስታውቅ የሚያዝ ነው። ለመላላክ የተጻፈ የመሰለው ዐረፍተ ነገር የሞግዚትነት ማስረጃ ሆነ። ምኒልክም ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ሲጽፉ «በኢጣልያ በኩል ይሁን» የሚል መልስ መጣላቸው።

አንድ ግስ ብቻውን ጦርነት አያመጣም፤ የኢጣልያ የግዛት ፍላጎት ከውሉ በፊትም ነበር። ምኒልክ ግን በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ዓድዋ በየካቲት 1888 ተከተለ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሻረ።

አስተርጓሚ «ለምን ጉዳይ ነው?» ሲል የሰው ምስጢር እየጎረጎረ አይደለም። «ይችላል»ን ለደብዳቤ መተርጎምና ለውል መተርጎም ይለያያል። ለደብዳቤ ከሆነ ሐሳቡ መተላለፉ ይበቃል፤ ለውል ከሆነ ግን ፈቃድ ይሁን ግዴታ አስቀድሞ መለየት አለበት።